በጉን ማን አረደው?

ጎረቤትን ደስ ለማሰኘት የተጻፈ ቃል ጎረቤትን ሊያሳዝን እንደሚችል የተረዳሁት በ2014 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፥ በገዳሪፍ ከተማ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩን መጻፍ በቀለለኝ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 16 ቀን ሲውል ረመዳን ገና አልተፈጸመም ነበር። ኢድ አልፈጥርም ከ8 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 24 ቀን ዋለ። ረመዳን በጨረቃ የሚቈጠር ስለ ሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ከዐቢይ ጾምና ከፋሲካ ጋር የሚገናኘውም ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ ለሥራ ጉዳይ በገዳሪፍ ሰንብቼ ነበር። ከተማዪቱ የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት። በመተማና በገላባት በኩል ተሻግሮ እርሻ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖች በአውራጃው ውስጥ በኡም ራኩባ መጠለያ ተቀምጠው ነበር። ዘይት፥ ስኳርና እህል የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ እነዚህን ሰዎች ደንበኛ ለማድረግ አስቦ፥ ለሁለቱም በዓል የሚሆን አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። ወጪው እንዲያንስ የፈለገው አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

እኔም በብልሃቴ እየተደሰትሁ ጻፍሁ። በሥዕሉ ላይ አንድ በግ በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ፥ «ከፋሲካ ባመልጥ ኢድ ያዘኝ!» እያለ ያለቅሳል። ከሥሩ ሁለቱ ሰዎች፥ አንዱ በአንገቱ ማተብ፥ ሁለተኛው በራሱ ቆብ ያለው፥ ከአንድ ትሪ ሥጋ ሲበሉ ይታያሉ። በመጨረሻም «በጌታችን ትንሣኤና በኢድ በዓላችን አብረን እንብላ» የሚል ቃል ነበረበት። ወረቀቱ በጸሎተ ሐሙስ ቀን በሱቁ በር ላይ ተለጠፈ።

ከሱቁ አጠገብ አንዲት በዕድሜ የገፉ የወሎ ሴት ቡና ይሸጡ ነበር። በረመዳን ወር ምድጃቸውን የሚያነዱት ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ቡናዬን ስጠጣ ወረቀቱን ጥቂት ተመለከቱና፥

«ልጄ፥ በጉን ማን አረደው?» አሉኝ።

«እናቴ፥ ሥዕል እኮ ነው» ብዬ ሣቅሁ።

«ሥዕልም ቢሆን ያረደው ሰው አለው። ክርስቲያን ካረደው እኔ አልበላም። ሙስሊም ካረደው አንተ አትበላም። ታዲያ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች ሃይማኖቱን የጣለው የትኛው ነው?»

መልስ አጣሁ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ሁላችን ከአንድ ማዕድ እንበላ ስለ ነበር፥ የመብልን ነገር ቀላል አድርጌ መቍጠር ለምጄ ነበር። በአገራችን ግን ክርስቲያኑ በስመ ሥላሴ፥ ሙስሊሙም በቢስሚላህ ያርዳል፤ አንዱም የሌላውን እርድ አይበላም። ይህ ጠብ አይደለም። ሴትዮዋ እንደ ነገሩኝ፥ በአገራቸው ሰርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ከነነፍሱ ይሰጣል፤ እነርሱም በራሳቸው ሰው አሳርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። «አብረን የምንውለው፥ ማን ምን እንደሚበላ ስለማንረሳ ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም ሌላ ስሕተት አሳዩኝ። በኢድ አልፈጥር ቀን በግ የሚያርድ ሰው አይጠፋም፤ የኢብራሂም መሥዋዕት የሚታሰብበት የእርድ በዓል ግን ዐረፋ ነው። ለኢድ አልፈጥር የታዘዘው ዘካተል ፊጥር ነው። ይኸውም የቤቱ ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚሆን እህል ተመዝኖ፥ ከኢድ ሰላት በፊት ለድሆች የሚሰጥ ነው። በእኛም በኩል ቢሆን በጉ የክርስቶስ ምሳሌ ነው። በሕማማት ሳምንት፥ ምእመናን ሊሰግዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄዱበት ቀን፥ ከቢላዋ በሚሸሽ በግ ማሣቅ እንደማይገባ ማንም ሳይነግረኝ ላውቀው ይገባኝ ነበር።

ሦስተኛውን ስሕተት ራሴ አገኘሁት፤ አማርኛ ለሚማር ሰው ሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። «ጌታችን» ስንል «‑ችን» የምትለው ትንሽ ምዕላድ አንባቢውን ሳታስፈቅድ የሃይማኖት ምስክር ታደርገዋለች። ሙስሊሙ በእኔ ወረቀት ላይ የክርስቶስን ጌትነት እንዲናገር ተገደደ፤ ክርስቲያኑም ኢድን «በዓላችን» አለ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ቃል ግን እንዲህ አያደርግም። «‑ችሁ» ስለሚል በዓሉን ለባለቤቱ ይተውለታል። በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ በትግርኛም «እንቋዕ ኣብጽሓኩም» ይባላል። መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነውና፥ አብሮነት የሚገባው በማዕዱ ሳይሆን በዚህ መልስ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ ወረቀቱን ወዲያው ማንሣት ሲገባኝ፥ «ከበዓሉ በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ተውሁት። ሚያዝያ 18 ቀን በጎንደር ከተማ፥ ለመቃብር የሚሆን ድንጋይ በማንሣት ምክንያት በቀብር ሥፍራ ጠብ ተነሥቶ፥ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ መነሻ ስለ ሆነች፥ ወሬው ገዳሪፍ ለመድረስ አልዘገየም። በማግስቱ ጧት ሁለት ወጣቶች በወረቀቱ ፊት ቆመው አየሁ። አልሣቁም፥ አልተቈጡምም፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ በየመንገዱ ሄደ። ሐሙስ ቀን ጨዋታ የነበረው ቃል ረቡዕ ቀን ስድብ ሆኖ ነበር። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ ወረቀት ግን ይነሣልና፥ በገዛ እጄ ቀድጄ አነሣሁት።

ነጋዴው ለኢድ ሌላ ወረቀት አስጻፈኝ። በእርሱ ላይ በግም፥ ትሪም፥ ቀልድም አልነበረበትም። «ለሙስሊም ደንበኞቻችን፥ እንኳን ለኢድ አልፈጥር በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ለዘካተል ፊጥር የሚሆን እህል ተመዝኖ ይገኛል» ይላል። የወር ቀን አልጻፍንበትም፤ ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን መሆኑ የሚታወቀው ጨረቃ ስትታይ ነውና። ወረቀቱን በመጀመሪያ ለቡና ሻጭዋ አነበብሁላቸው። እርሳቸውም «አሁን ለእኔ ተጻፈ» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ ሰኞ መጋቢት 2 ተጀመሩ። ኢድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ቀን ሲውል ክርስቲያኑ ገና ጾም ላይ ነበር፤ የእርሱ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው። አንድ ወዳጄ ለዚያ ወቅት ያዘጋጀውን የንግድ ማስታወቂያ እንዳርምለት በላከልኝ ጊዜ፥ ለሁሉም የተጻፈ «እንፈስክ!» የሚል ቃል አገኘሁበት። ቃሉን ሠርዤ በአጠገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍሁለት፤ «በጉን ማን አረደው?»