ስምንት ደምር

ዛሬም ተመለሰ። የእህቴ ልጅ የሚጡ የልደት ሰርተፍኬት ማለቴ ነው። ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ከእህቴ ጀበና ቡና ጠጥታችሁ አታውቁም ማለት ነው፣ ያ ደግሞ የእናንተ ጥፋት ነው።

አዲስ አበባ ሰነዱን የሚያስጨርስልን የአክስታችን ልጅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አማርኛው ላይ ኅዳር 3 ቀን 2012 ይላል። ከጎኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ኅዳር 13፣ 2020 ይላል። ልጅቷ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ተወልዳለች፤ በመሀሉ አንድ ዓመት አለ። ትክክለኛው 2019 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ምናምን ድረስ ሰባት ነው የሚደመረው፣ የፈረንጆቹ ጥር ከገባ በኋላ ስምንት። የጻፈው ልጅ ግን ኅዳርንም ሰኔንም ሳይለይ ስምንት ይደምራል። ባለፈው ሄጄ ስጠይቀው «ለሁሉም ስምንት ነው የምንደምረው» አለኝ፣ በኩራት። ለሁሉም! አስቡት እንግዲህ፣ በዚያ ቀበሌ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የተወለደ ሕፃን ሁሉ አንድ ዓመት ተሰርቆበታል። (ለሴቶቻችን ስጦታ ነው የሚል አይጠፋም። እህቴ ራሷ «ለእኔም ይጻፍልኝ» ብላ ስቃለች። ከዚያ አለቀሰች።)

ነገሩ ቀልድ ያልሆነው ሰርተፍኬቱ መነሻ ስለሆነ ነው። ፓስፖርቷ የሚወጣው በዚህ ወረቀት ነው። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ አዲስ አበባ ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያረጋግጠዋል፣ ወደ ዓረብኛ ይተረጎማል፣ እዚያም ሲደርስ የእነሱ ውጭ ጉዳይ ደግሞ ያያል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተሳሳተች አንዲት ቁጥር አራት ማኅተም ተመትቶባት ነው አባቷ ያለበት ሻርጃ የምትገባው። እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት ልጅን ክፍል የሚያስገባው በተወለደበት ቀን ነው፤ ቁመቷን አይቶ «ይቺማ ደርሳለች» የሚል ዳይሬክተር የለም። ያውም በአብዛኛው የውጭ ዜጋ ልጅ የሚማረው ተከፍሎ በግል ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው ድምር የተነሳ አባቷ የአንድ ዓመት ክፍያ ትርፍ ይገብራል ማለት ነው።

አባቷ ሾፌር ነው። ከሽንፋ እስከ መተማ ዮሐንስ ሰሊጥ ያልጫነበት መንገድ የለም፤ አሁን ሻርጃ ውኃ ያመላልሳል። ቤተሰብ ለማምጣት ደመወዝ አራት ሺህ ድርሃም፣ ወይም ቤት ከተሰጠህ ሦስት ሺህ ነው። ከፈረንጆቹ 2019 ወዲህ ሥራህ ምንድን ነው ብለው አይመርጡም፣ ገቢህን ነው የሚያዩት። እሱ 4,200 ያገኛል፤ አለፈ ብለን ዘልለን ነበር። ከዚያ የቤት ኪራይ ውል አምጣ ተባለ። እሱ የተከራየው ቤት አይደለም፣ አልጋ ነው። ስድስት ሆነው አንድ ክፍል። ለሚስትና ለልጅ በራሱ ስም የተመዘገበ ቤት ያስፈልጋል፤ ቤቱን ሲከራይ ደግሞ ከ4,200ው ምን እንደሚተርፍ እናንተው ቀንሱ። ስምንት ግን እንዳትደምሩ።

በነገራችን ላይ እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል እንኳ የላቸውም። ደመወዛቸው የመነሻውን ግማሽ አይደርስም። የሌላውን ልጅ ያሳድጋሉ፣ የራሳቸውን በኢሞ።

እህቴ «እኔም ቡና እሸጣለሁ፣ እንደጋገፋለን» ትላለች። በባልሽ ቪዛ ገባሽ ማለት መኖር ተፈቀደልሽ እንጂ መሥራት አልተፈቀደልሽም። መሥራት ትችያለሽ፣ ግን የሚቀጥርሽ ድርጅት ከሥራ ሚኒስቴራቸው ፈቃድ ያወጣልሻል፤ መኖሪያሽ እንደነበረ በባልሽ ስም ይቆያል። ጀበናሽን ይዘሽ ጥግ ላይ መቀመጥ የለም። እሱ ከሥራ ቢወጣ ደግሞ ያንቺም የልጅሽም ወረቀት አብሮ ይሰረዛል። ስድስት ወር ከአገሩ ውጭ ከቆየሽም ይወድቃል፤ ስለዚህ ለሰሊጥ አጨዳ መጥተሽ እስከ ፋሲካ ልሰንብት እንዳትዪ። ይህን ስነግራት ጀበናውን ነው የምታየው።

ይህን ሁሉ ሳስረዳት ትዝ የሚለኝ ልጅነታችን ነው። አባታችን ገዳሪፍ ሲሠራ እናታችን ለበዓል ይዛን ትሄድ ነበር። ያችን ድልድይ ተሻግረን ጋላባት። ልብሳችን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ዶሮዋ በእኔ ብብት። ወታደሩ የጠየቀው ዶሮዋን እንጂ ዕድሜያችንን አልነበረም። «የማን ልጆች ናቸው?» ሲል እናቴ የአባቴን ስም ትጠራለች፣ እሱ «አሃ» ይላል፣ እናልፋለን። ያ «አሃ» ነበር የቤተሰብ ቪዛችን። ገዳሪፍ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጠን መልስ ስንመጣ እናቴ አርግዛ ነበር። ታናሽ ወንድሜ የት አገር እንደተፀነሰ የጠየቀ ቢሮ እስከ ዛሬ የለም። ዶሮዋ ግን ሞተች፤ በሙቀት። አባቴ «ሬሳ ነው ያመጣችሁልኝ?» ያለው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስድስት ሰዓት ሙሉ አቅፌያት ነበር እኮ!

ምን እያልኩ ነበር። አዎ፣ ትልቁ ልጅ።

የሚጡ ነገር ይስተካከላል። የክትባት ካርዷ አለ፣ ቀበሌው ይታረማል፣ መንገድ ከተከፈተ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ትልቁ ግን የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ። ለሻርጃው ሰውዬ የእንጀራ ልጅ መሆኑ ነው። ዕድሜው ችግር አይደለም፤ ያላገባ ወንድ ልጅ ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ይፈቀዳል፣ ሴት ካላገባች ገደብ የላትም። ለእንጀራ ልጅ ግን ተቀማጭ ገንዘብ ይጠየቃል፣ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ከሁሉ በላይ የወለደው አባት ተስማምቻለሁ ብሎ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

የወለደው አባት ኦምዱርማን ነበር። የሱዳኑ ጦርነት የተነሳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ነው። እሱ ግንቦት ላይ አንድ ጊዜ ደውሎ «ወደ መተማ ልወጣ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ የለም። ስደተኛው በመተማ ሲገባ ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ድንበሩ ላይ ቆሞ ፊት ሲያይ ይውል ነበር። ኩመርም አውላላም መጠለያ ድረስ ሄዶ ጠይቋል።

አንድ ጠበቃ መንገድ አለ ብሎናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ከጠፋ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ጠፍቷል ተብሎ እንዲወሰን ይጠይቃል። ሁለት ዓመት አልፏል። ውሳኔውን አስተርጉሞ በስምምነቱ ቦታ ማቅረብ ነው፣ ይቀበሉት አይቀበሉት ሻርጃ ላይ የሚታይ ነው። ማመልከቻውን ጽፈን ጨርሰናል። ዛሬ ማታ እህቴ ልትፈርም እስክሪብቶ ስታነሳ ልጁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «እማዬ፣ አንቺ ስትሄጂ ሲም ካርዱን ማን ይይዘዋል?» አላት። አባቱ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ነው።

እስክሪብቶው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። እኔ ነገ ቀበሌ እሄዳለሁ፣ ሰባት ልደምር።