ሲቀዳ የሚሰማ፣ ሲደወል የሚጠፋ ድምፅ

«መቅጃው ላይ ድምፄ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ስለዚህ ማይኩ ደህና ነው» የሚለው ድምዳሜ ብዙ ጊዜ አያስኬድም። አብዛኞቹ ስማርት ስልኮች ከአንድ በላይ ማይክ አላቸው፤ ዋናው ከታች፣ ቻርጀር ከሚሰካበት አጠገብ፣ ረዳቱ ደግሞ ከላይ ወይም ከካሜራው ጎን ነው። ስልክ ስናወራ ሁለቱም ይሠራሉ። የታችኛው ለአፍ ስለሚቀርብ ድምፃችንን ጎላ አድርጎ ይቀበላል፤ የላይኛው የአካባቢውን ጫጫታ ይሰማል። ስልኩም ሁለቱን አነጻጽሮ፣ በሁለቱም ተቀራራቢ ሆኖ የመጣውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። እንደ ወለቃ ባለ የሸክላ ሥራ መንደር ደቃቅ አቧራ የታችኛውን ቀዳዳ በከፊል ቢደፍነው ምን ይሆናል? ድምፃችን ደክሞ ይገባና ከላይኛው ጋር ይቀራረባል፤ ስልኩም እኛኑ ጫጫታ ብሎ ያጠፋናል። መቅጃው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ጠንካራ ማጣሪያ ስለሌለው የደከመውንም ድምፅ ያስቀረዋል። ቪዲዮ ደግሞ በሌላው ማይክ ሊቀረፅ ይችላል።

«ኔትወርክ ነው» የሚል ይኖራል። ይሆናል፤ ግን የኔትወርክ ችግር ድምፅን ይቆራርጣል፣ ቦታ ሲቀየርም ይለወጣል። በየቦታው፣ ለሁሉም ሰው ዝግ ካለ ጥርጣሬው ወደ ስልኩ ይዞራል። ጥሪው ላይ እያሉ ስፒከር ማብራት ጥሩ መለያ ነው፤ ብዙ ስልኮች ያኔ የማይክ አጠቃቀማቸውን ይቀይራሉ። በስፒከር ተሰምቶ በጆሮ ከጠፋ፣ መጀመሪያ ሽፋኑን አውልቆ መሞከር፣ ከዚያ ቀዳዳውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ነው። መርፌ አይሆንም፤ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ይበሳል። በቴሌግራም ብቻ ከጠፋ ግን አቧራውን ትቶ የመተግበሪያውን የማይክ ፈቃድ ማየት ይሻላል።