ቡትካምፕ ወይስ ፈተናው ብቻ?

ከሂሳብ ሥራ ወደ ዳታ ትንተና መሻገር ለምትፈልግ እህቴ፦ ኤክሴል በደንብ ከቻልሽ ለቡትካምፕ ሳትከፍዪ የማይክሮሶፍትን PL-300 ፈተና ራስሽ አጥንተሽ ውሰጂ። ማጥኛው በነጻ ይገኛል፤ ማለፊያው ከ1000 700 ነጥብ ነው፤ ምስክር ወረቀቱም በየዓመቱ በነጻ ይታደሳል።

የሚያሳስበኝ ፈተናው የማያሳይሽ ነገር ነው፤ የተዝረከረከ መዝገብ አጽድተሽ ትክክል መሥራትሽን ማንም አያይልሽም። እስቲ የሽያጭና የደንበኞች ሠንጠረዥ በፓወር ቢአይ አዋህደሽ የወሩን ድምር ከዋናው መዝገብ ጋር አመሳክሪ። ድምሩ ከበለጠ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ደንበኛ ሁለቴ ተመዝግቦ ሽያጩ ተደግሟል። ይህን ብቻሽን ካገኘሽው ፈተናው ይበቃሻል። ካላገኘሽው ግን፣ ሥራሽን መስመር በመስመር የሚያርምልሽ አስተማሪ ላለው ቡትካምፕ ብትከፍዪ አልቃወምም፤ የተቀረጸ ቪዲዮ ለሚሸጥልሽ ግን ምንም አትክፈዪ።