ስድስት ሚሊ ሊትር፣ ከየትኛው ጠርሙስ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችን እናቶች ልጅ በታመመባቸው ቁጥር የሐኪም ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ጽሕፈቱን እንዳነብላቸው ነው። እኔ ግን ጠርሙሱንም አምጡ እላለሁ። ወረቀት ብቻ አይቶ «ልክ ነው» ማለት አይቻልማ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣች። የሁለት ዓመት ልጇን ከክሊኒክ ያመጣቻት በዋዜማው ማታ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ክብደት 10 ኪሎ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ 6 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰዓቱ» ይላል። ጽሕፈቱ ንጹሕ ነው፤ ልጅቷም ተመዝናለች። ይህ ራሱ ደስ ይላል፤ ዕድሜ ብቻ ጠይቀው የሚያልፉ አሉና። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሽሮፑ ጥንካሬ አልተጻፈም።

ሚሊ ሊትር የሚነግረን የፈሳሹን ብዛት ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ የሚለካው በሚሊ ግራም ነው። አቦልም በረካም በአንድ ሲኒ ይቀዳሉ፤ ውስጣቸው ያለው ቡና ግን እኩል አይደለም። የፓራሲታሞል ሽሮፕም እንዲሁ ነው። አንዱ ጠርሙስ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ ሌላው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር 250 ይይዛል።

ፓራሲታሞል ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ ለ10 ኪሎ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። አሁን ከወረቀቱ ወደ ኋላ እንሂድ። 120ን ለ5 ብናካፍል በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 24 ሚሊ ግራም አለ። 6 ጊዜ 24 ደግሞ 144 ነው። በልኩ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ሲጽፍ በልቡ የያዘው ጠርሙስ ይህ መሆኑን ከዚህ ዐወቅሁ።

እሷ የያዘችው ግን 250ውን ነበር። «ሲስተር፣ ያኛው አልቋል፣ ይኸም ያው ፓራሲታሞል ነው ብለው ሰጡኝ» አለችኝ። 250ን ለ5 ስናካፍል በሚሊ ሊትር 50 ነው፤ ስድስቱ 300 ሚሊ ግራም ይሆናል። በኪሎ 30 ማለት ነው፤ ከፍተኛው መጠን እጥፍ።

«ስንቴ ሰጠሻት ልጄ?» አልኳት። ማታ 4 ሰዓት ላይና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሰጥታለች፤ ሦስተኛውን ለመስጠት አንድ ሰዓት ቀርቷታል። ሁለቱ ሲደመሩ 600 ሚሊ ግራም፣ በኪሎ 60 ይሆናሉ። ይህ ለአንድ ሙሉ ቀን ከሚፈቀደው ጋር እኩል ነው፤ ልጅቷ በአንድ ሌሊት ጨርሳዋለች። ይህ በዚሁ ቢቀጥል የሚጎዳው ጉበት ነው። ክፋቱ ደግሞ ጉበት ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላይታይ፣ ወይም እንደ ተራ ማስታወክ ሊመስል ይችላል። እናትየው «ደህና ናት፣ ስትጫወት ነው ያደረችው» ስትለኝ ያላረፍኩት ለዚህ ነው።

ወረቀቱን በራሴ እስክሪብቶ አላረምኩም፤ የማዘዝ ሥልጣን የእኔ አይደለም። ወደ ክሊኒኩ ደወልን። ሐኪሙ በስንት ሰዓት፣ ስንት እንደተሰጣት ጠየቀ፤ እስከ ማታ 4 ሰዓት ምንም እንዳይሰጣት፣ ልጅቷንና ጠርሙሱንም ይዘው እንዲመጡ አዘዘ። አይቷትም ደህና ሆና ተመለሰች። አዲሱ ወረቀት «150 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 250 በ5 ከሆነው ሽሮፕ 3 ሚሊ ሊትር» ይላል። ወረቀት እንዲህ ሲጻፍ ማንም መልሶ ሊያሰላው ይችላል።

በሥራ ላይ ሳለሁ የልጅ መድኃኒት ስንቀዳ ሁለት ነርሶች እናሰላ ነበር። ጓደኛዬ «ሦስት ሚሊ ነው አይደል?» ብላ ከጠየቀችኝ አልመልስላትም። ቁጥሩን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሂሳቡ ወደዚያው ይጎትተዋል። ክብደቱንና የጠርሙሱን ጽሑፍ ብቻ ስጪኝ እላትና ለብቻዬ እሠራዋለሁ፤ ከዚያ መልሶቻችንን እናነጻጽራለን። ብዙዎቹ ልዩነቶች የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ሰው 250ውን ያያል፣ «በ5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ያልፈዋል።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። አዲሱን ወረቀት ይዛ በሚቀጥለው ጊዜ 120ውን ጠርሙስ ብትገዛ፣ 3 ሚሊ ሊትሩ 72 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ትኩሳቱ አይወርድም፤ እናትም ተጨንቃ ሰዓቱ ሳይደርስ ትደግማለች። በኪሎ ከ10 እስከ 15 የሚለው ልክም የፓራሲታሞል ብቻ ነው፤ ለሌላ መድኃኒት አይሠራም። ከሦስት ወር በታች ላለ ጨቅላ ደግሞ ትኩሳት ሲኖር ሽሮፕ ሳይሆን ሐኪም ይቀድማል።

ጎረቤቴን ወደ ክሊኒኩ ከመሸኘቴ በፊት በምን እንደለካች ጠየቅኋት። በሻይ ማንኪያ ነው አለች፤ አንድ ሙሉና ጥቂት። ማንኪያዋን አስመጥቼ ውኃ ሞላሁበትና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳብኩት። 4 ሚሊ ሊትር እንኳ አልሞላም። የእኔ ማንኪያ ደግሞ ከ5 አለፈ። ሲሪንጁን ሰጥቻት ሄደች።