መድረኩን ማስረከብ፦ የምረቃ መርሐ ግብር ለሚመሩ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የተመራቂዎችን መርሐ ግብር እንድመራ ለመጀመሪያ ጊዜ በታዘዝሁ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ድምፅህ ጥሩ ነው ይሉኝ ስለ ነበር ሥራው ድምፅ ማሰማት ብቻ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀን ያጠፋሁትን ዛሬ የምጽፍላችሁ፣ ይህ አገልግሎት ነገ ከእናንተ ለአንዱ እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው።

መርሐ ግብሩ 11 ክፍሎች ነበሩት። በጸሎት ይከፈታል፤ የመዘምራን መዝሙር ይቀጥላል፤ ከዚያም የእንኳን ደኅና መጣችሁ መልእክት፣ የትምህርት ክፍሉ ሪፖርት፣ ትምህርተ ወንጌል፣ የተመራቂዎች መዝሙር፣ የተመራቂዎች ተወካይ ንግግር፣ የወላጆች ተወካይ ንግግር፣ የምስክር ወረቀት መስጠት፣ ማስታወቂያ፣ በመጨረሻም የደብሩ አስተዳዳሪ ቃለ ምዕዳንና ቡራኬ ነበር። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን 10 ሰዓት ተኩል መጨረስ ነበረብን፤ አዳራሹ ለሠርክ ጉባኤ ይፈለግ ነበርና። ከ150 ደቂቃ ውስጥ 140ው ለክፍሎቹ ተከፋፍሎ ነበር። የቀረው 10 ደቂቃ በክፍሎቹ መካከል ላሉት 10 ሽግግሮች ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ማለት ነው። ይህን ስሌት ግን ያን ጊዜ አልሠራሁትም ነበር።

ሪፖርቱ ሲያበቃ ቍጥሮቹን ደግሜ ዘረዘርሁ። መምህሩ አስተምረው ሲወርዱ እኔ በእርሳቸው ርእስ ላይ ሌላ ትንሽ ስብከት ጨመርሁ። በመዝሙሩም ላይ ስለ መዝሙር ተናገርሁ። አንድም ተናጋሪ ሰዓቱን አላሳለፈም፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ሽግግር ሦስት ሦስት ደቂቃ ወሰድሁ። የተመራቂዎች ተወካይ ንግግሯን ስትጨርስ ስድስት ሽግግሮች አልፈው ነበር፤ ከድርሻዬ በላይ 12 ደቂቃ በልቼ ነበር ማለት ነው። ቀጣዩ ክፍል የወላጆች ተወካይ ነበር፤ የተመደበለትም 8 ደቂቃ ነው።

አስተባባሪው ወደ ጆሮዬ ቀርቦ፣ «ሰዓት የለም፤ ወላጅዋን እለፋቸውና ወደ ምስክር ወረቀቱ ግባ» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። የወላጆች ተወካይ የሆኑት እናት በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው፣ የጻፉትን ወረቀት በእጃቸው ይዘው ነበር። ስማቸው ሳይጠራ የምስክር ወረቀቱ ሲጀመር ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከመድረኩ ላይ ሆኜ አየኋቸው።

ማታ ወንበር ስናነሣ ከነባር አገልጋዮች አንዱ፣ «ልጄ፣ እንግዳ ተቀባይ እንግዳውን ከበር ተቀብሎ ወንበሩን ያሳየዋል እንጂ ራሱ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔም ከዚያ በኋላ የተማርሁት ሁሉ የዚህ ቃል ትርጓሜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሁለት ተናጋሪዎች መካከል የምትናገረው መሸጋገሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው። የመጀመሪያው ላለፈው ተናጋሪ የሚገባው ምስጋና ነው። ሁለተኛው እርሱ ከተናገረው የተወሰደና ወደሚቀጥለው የሚያሻግር አንድ ነገር ነው። ሦስተኛው የሚቀጥለው ተናጋሪ ማንነት ነው፤ ኃላፊነቱ፣ ማዕርጉ፣ በመጨረሻም ስሙ። ስሙ መጨረሻ ላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ስም ሲጠራ ባለስሙ ይነሣል፣ ሕዝቡም ፊቱን ወደ እርሱ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረውን ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ስሙን ጥራና ዝም በል፤ ከድምፅ ማጉያውም ፈቀቅ በል። መጥምቁ ዮሐንስ ጌታችንን በጣቱ ባመለከተ ጊዜ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት እርሱን ትተው ጌታን ተከተሉ፤ ዮሐንስም አልከለከላቸውም።

ምስጋናው እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። ከትምህርት በኋላ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» እንላለን፤ ከመዝሙር በኋላ «ዝማሬ መላእክትን ያሰማልን» እንላለን፤ ለሪፖርትና ለእንግዳ ንግግር ግን «እናመሰግናለን» ይበቃል። እኔ በዚያ ቀን የገቢና የወጪ ዝርዝር ከተነበበ በኋላ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብዬ ስለ ነበር፣ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲሥቁ አይቻለሁ።

አሁን አንዱን ሽግግር በምሳሌ እንመልከት። ከሪፖርቱ ወደ ትምህርተ ወንጌሉ ስሻገር ያን ጊዜ የተናገርሁት በግምት እንዲህ ነበር፦ «እጅግ ግሩም የሆነ ሪፖርት ነው የሰማነው፤ በእውነቱ ብዙ ተደክሟል፤ እንደ ሰማችሁት የተማሪዎቹ ቍጥር…» እያልሁ ቀጠልሁ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ እል ነበር፦ «የትምህርት ክፍሉን እናመሰግናለን። ልጆቻችን ትምህርታቸውን የጀመሩት በጠባቧ ክፍል፣ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ነበር ሰምተናል። ከዚያ የተነሡት ልጆች ከዛሬ በኋላ ወዴት መሄድ እንደሚገባቸው የሚያስተምሩን፣ የደብራችን የስብከተ ወንጌል ኃላፊ…» ብዬ ማዕርጋቸውንና ስማቸውን በመጥራት እጨርስ ነበር። ይህ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ቀሪው ግማሽ ደቂቃ አባታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው መድረኩ እስኪደርሱ የሚበቃ ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ መካከል አንደኛውንና ሦስተኛውን አስቀድመህ በቤትህ ልትጽፋቸው ትችላለህ። እኔ ለእያንዳንዱ ሽግግር አንድ ቍራጭ ወረቀት አዘጋጃለሁ፤ ቢቀላቀሉብኝ እንድለያቸው ቍጥር እጽፍባቸዋለሁ። መካከለኛውን መስመር ግን ባዶ እተወዋለሁ፤ ተናጋሪው ሲናገር ሰምቼ የምሞላው እርሱን ነውና። በቤት የተጻፈ መሸጋገሪያ ወዲያው ይታወቃል። «ግሩም ንግግር ነበር» ማለት ለየትኛውም ተናጋሪ ይስማማል፤ ለሁሉ የሚስማማ ቃል ከተናገርህ ደግሞ አልሰማህም ማለት ነው። ቀድሞ ተናጋሪው መድረክ ላይ ሳለ እኔ የምናገረውን አጠና ነበር፤ ያበዛሁትም ባለመስማቴ ነው። ከሰማው ነገር አንዱን የያዘ ሰው ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ስምና ማዕርግ ላይ ብዙዎቻችን እንሰናከላለን። አባቶች ማዕርግ ሲጨመርላቸው ካልጠየቅን በቀድሞው እንጠራቸዋለን፤ እኔም አስተዳዳሪያችንን በሌላ ደብር ሳሉ በነበራቸው ማዕርግ ጠርቻቸው ነበር። ስለዚህ ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ወደ ተናጋሪው ሄደህ ማዕርጋቸውን፣ ስማቸውንና የሚፈልጉትን ደቂቃ ጠይቅ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ ስማቸውን ከአፋቸው ሰምተህ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አኑር። የተመራቂዎቹን ስም ዝርዝርም እንዲሁ አድርግ። ለአንተ ከብዙዎቹ አንዱ ስም ቢሆንም፣ ለወላጁ ግን በዚያ ቀን የሚሰማው አንድ ስም እርሱ ብቻ ነው።

ሰዓት ሲያልፍስ? ለወጣት ተናጋሪ፣ አስቀድማችሁ ከተስማማችሁ፣ «2 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ከፊት ረድፍ ማሳየት ይቻላል። አባቶችን ግን በመድረክ ላይ ማሳሰብ ከሥርዓትም ከፍቅርም የራቀ ነው፤ ለእነርሱ ከመጀመሪያው ሰፋ ያለ ጊዜ መያዝ ይሻላል። መቀነስ ግድ ከሆነ በቅድሚያ የሚቀነሰው የአንተ የመሪው ቃል ነው። እርሱ ካልበቃ ከመዘምራን ጋር ተነጋግረህ ከሁለት መዝሙር አንዱን ታስቀራለህ። እንዲናገር ተጠይቆ፣ ተዘጋጅቶ የመጣን ሰው ግን አትለፍ። ይህን ትእዛዝ ለራሴ ያወጣሁት በነጠላ ጫፍ የተቋጠረውን ወረቀት ካየሁ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያ ሁሉ ከቡራኬ በፊት ይለቅ። እኔ በዚያ ቀን አባታችን ባርከው ሕዝቡ «አሜን» ካለ በኋላ፣ «ፎቶግራፍ ለመነሣት ተመራቂዎች በስተቀኝ…» ብዬ ድምፅ ማጉያውን መልሼ ያዝሁ። ግማሹ ሕዝብ መስቀል ሊሳለም ወደ ፊት ሲመጣ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ሄደ፤ የአባታችንም ቡራኬ በእኔ ጩኸት ተዋጠ። ለመጨረሻው ተናጋሪ መድረኩን ካስረከብህ በኋላ ሥራህ አልቋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የእኒያ እናት ታናሽ ልጅ ተራዋ ደርሶ ልትመረቅ ሆነ። መርሐ ግብሩን እንድመራ ዳግመኛ ስታዘዝ አስቀድሜ ወደ ቤታቸው ሄድሁ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የወላጆች ተወካይ እንዲሆኑም ለመንኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ወረቀቱ አለ፤ የልጅቷን ስም ብቻ ነው የምለውጠው» አሉኝ።

በዕለቱ የተመራቂዎች ተወካይ ስትናገር፣ ትምህርት አልቆ ሲመሽ እናቷ በቅጥሩ በር ቆመው ይጠብቋት እንደ ነበር አነሣች። በባዶው መስመር ላይ «በር» ብዬ ጻፍሁ። ስትጨርስም፣ «ስለ ተመራቂዎች የተናገረችልንን እኅታችንን እናመሰግናለን። በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ከነበሩት እናቶች አንዷ ዛሬ ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ የወላጆች ተወካይ…» ብዬ ስማቸውን ጠራሁና ከድምፅ ማጉያው ፈቀቅ አልሁ። እርሳቸውም በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረቀት እየፈቱ ተነሡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።