ከመርዶው በኋላ የሚደርስ መልእክት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ አባቱ ወይም እናቱ ለሞቱበት የሥራ ባልደረባችሁ የማጽናኛ ቃል ልትጽፉ ያሰባችሁ እንደሆነ፣ ምን ብዬ ልጀምር ብላችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ባልደረባችሁ መርዶውን ሰምቷል ወይ?

በአገራችን የወላጅ ሞት እንደ ሌላው ወሬ ባገኙበት ቦታ አይነገርም። ዘመድ አዝማድ ይመካከራል፤ ሽማግሌና የንስሓ አባት ይጠራል፤ ጎረቤትና የእድር ሰው እንዲዘጋጅ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሩ ይንኳኳል። ይህን ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚቈጥሩ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔ ግን አልስማማም። መርዶ በማለዳ የሚነገረው አዘንተኛው በመንገድ ወይም በሥራ ቦታ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ራሱን ስቶ ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ቢጮኽም አብሮት የሚያለቅስ ሰው በአጠገቡ እንዲገኝ ነው።

በዛሬው ዘመን ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው በእጃችን የያዝነው ስልክ ነው። በጉርድ ሾላ እኔ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአርባ የምንበልጥ መምህራን የምንነጋገርበት የቴሌግራም ቡድን አለን። ቴሌግራም ስል የስልኩን ማለቴ ነው እንጂ ቀድሞ በቃል ቁጥር እየተከፈለበት ከፖስታ ቤት ይላክ የነበረውን አይደለም። ያኛው ቢያንስ ቃል ያስቆጥብ ነበር።

ባለፈው ዓመት የኬሚስትሪ መምህርት የሆነች ባልደረባችን አባት በደብረ ማርቆስ አረፉ። ወንድሟ ሌሊቱን ለምክትል ርእሰ መምህሩ ስልክ ደውሎ ነገራቸው። ወሬውን በሌላ መንገድ የሰማ አንድ መምህር ደግሞ የሻማ ሥዕል ያለበትን «ነፍስ ይማር» አዘጋጅቶ ለቡድኑ ሊልክ ነበር። እርሷም የዚያው ቡድን አባል ናት። ደግነቱ ከመላኩ በፊት ምክትሉን ጠየቀና፣ ቆይ ተባለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አጎቷ፣ የንስሓ አባቷና ሁለት የእድር ሽማግሎች ከቤቷ ደርሰው አረዷት። ያ መልእክት ተልኮ ቢሆን ኖሮ ከእንቅልፏ ነቅታ ሰዓት ለማየት ስልኳን ስታነሣ የአባቷን ሞት ከሻማ ሥዕል ታነበው ነበር።

እንግዲህ መርዶው መነገሩ በምን ይታወቃል ትሉኝ ይሆናል። ድንኳን ከተተከለ፣ የእድሩ ጡሩምባ ከተነፋ ወይም አዘንተኛዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከታየች ነገሩ ግልጽ ነው። በሩቅ ሆናችሁ ይህን ማየት ካልቻላችሁ ግን የቅርብ ዘመድ ጠይቁ። የሚጠየቅ ዘመድ ካጣችሁም ዝም ብላችሁ ቆዩ፤ ከግማሽ ቀን በኋላ በደረሰ ማጽናኛ የተቀየመ ሰው አላየሁም።

በዚያ ቀን ረፋድ ላይ በቡድኑ ውስጥ የወጣው ቃል «በደረሰብሽ መሪር ኀዘን የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እንገልጻለን» የሚል ነበር። ነውር የለበትም፤ መሥሪያ ቤት እንዲህ ይጽፋል። ነገር ግን ስሙን ብቻ ለውጠው ለማንም ሊልኩት የሚችሉት ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቀብሩ ከተፈጸመ በኋላ፣ ማታ፣ ለእርሷ ብቻ የሚከተለውን ጻፍሁ።

«እኅቴ፤ የአባባን ዕረፍት ዛሬ ጧት ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ከፋሲካ በኋላ ማር ይዘሽልን በመጣሽ ቁጥር ‹ከራሴ ቀፎ የተቈረጠ ነው በያቸው› ብለውሻል እያልሽ ታስቂን ነበር። እኔ ሳላያቸው የማውቃቸው በዚያ ማር ነው። ለክፍሎችሽ አታስቢ፤ የሰኞና የረቡዕ ክፍለ ጊዜዎችሽን እኔ ባዮሎጂ አስተምርባቸዋለሁ፤ ስትመለሺ በእኔ ክፍለ ጊዜ ትገቢያለሽ። የወሩ ፈተና ተዛውሯል። መልስ አትጻፊ። ስትመለሺ ከቤት መጥተን እናይሻለን።»

በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ «ያጽናሽ» እና «ያሳርፍልን» የሚሉት የተለመዱ ቃላት ናቸው፤ ሆን ብዬ ነው ያስገባኋቸው። አንዳንድ የተማረ ሰው የተለመደውን ቃል ንቆ አዲስ ነገር ለመፍጠር ይደክማል። አዘንተኛ ግን አዲስ ነገር አይፈልግም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲባል «አሜን» ብሎ የሚመልስበት ቦታ ያገኛል። ለእርሷ «አንቺ» ያልኋት ዘወትር እንዲሁ ስለምንጠራራ ነው፤ በኀዘኗ ቀን በድንገት «እርስዎ» ብላት እንደ ባዕድ ራቅሁባት ማለት ነው። አባቷን ግን እንደ ልጅ «አባባ» አልሁ፤ «ሞቱ» በማለት ፈንታም «ዕረፍት» ብዬ ጻፍሁ።

ስለ ክፍለ ጊዜ መጻፌ ለኀዘን ደብዳቤ አይመጥንም ያለኝ ጓደኛ ነበር። ነገሩን እንመልከተው። እንደኛ በግል ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጅ ሲሞት የሚፈቅደው ከክፍያ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ነው። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱ ቀን በመሄጃ፣ አንዱ በመመለሻ ካለቀ፣ ልጅ ከአባቷ ሠልስት እንዴት ትገኛለች? በለቅሶ መካከል ተቀምጣ ስለ ፈተናና ስለ ተማሪ እንዳታስብ የሚያደርጋት፣ «የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪን» የሚለው ቃል አይደለም። እርሱማ ኀዘንተኛይቱን የመለመን ሥራ ይጨምርባታል። የተደረገውን ነገር ተደርጓል ብሎ መንገር ይሻላል።

ያልጻፍሁትም አለ። አባቷ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ ሆኖም «ዕድሜ ጠግበው ነው» አላልሁም። ይህን ለማለት መብት ያላቸው ልጆቻቸው ናቸው። በምን እንደ ሞቱም አልጠየቅሁም።

ሟቹ ሙስሊም ቢሆኑ ኖሮ ቃሉም ጊዜውም ይለወጥ ነበር። ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም መልእክቱም ፈጠን ይላል፤ «አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ» ይባላል። ስለ አርባና ስለ ተዝካር ግን ቤተ ሰቡ ራሱ ካላነሣው እኛ አናነሣም።

ደብዳቤ ለቅሶ መድረስን አይተካም። ከተመለሰች በኋላ በጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ወዳለው ቤቷ ስድስት ሆነን ሄድን። ቀብሩ በሩቅ አገር ቢፈጸምም የሰፈሯ እድር ድንኳን ተክሎላት ነበር፤ አግዳሚ ወንበሩም ገና አልተነሣም። ብዙ አልተናገርንም፤ ንፍሮ ቀመስንና ቡና እስኪፈላ ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ተበተነ። እኔ ግን አርባቸው የሚውልበትን ቀን በማስታወሻዬ ጽፌ ይዤ ስለነበር፣ በዋዜማው ሁለት መስመር ላክሁላት፤ «ነገ የአባባ አርባ መሆኑን አስቤዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማርልን» የሚል። መጀመሪያውን መልስ አትጻፊ ብያት ስለነበር አልጻፈችም ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ጻፈች። «አሜን። ማሩን ዘንድሮ ወንድሜ ቈርጦታል፤ ሰኞ ይዤ እመጣለሁ። 10ኛ ‹ለ› በባዮሎጂ ስንተኛው ምዕራፍ ደረሱ?»