ከድሮ ቪዲዮ ካሴት ላይ ሽሽታውን ስናወጣ የሰውየው ድምፅ አብሮ እንዳይወጣ

የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስለ መገልበጥ ከጻፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር ብዙ ጥያቄ መጥቶልኛል። ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ነው፦ «ገለበጥነው፤ ግን ድምፁ ሽሽ ይላል፣ ከሥሩ ጥዝዝ የሚል ነገር አለ፣ ምስሉ ላይም አግድም መስመር ይታያል። ምን እናድርግ?» ዛሬ በአንድ ካሴት ላይ የሠራነውን ልንገራችሁ።

ካሴቱ እዚሁ ካምፓላ የሚኖሩ የአንዲት እናት ነው። እኛ እትዬ እንላቸዋለን። በ1987 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተቀረጸ ሠርጋቸው ነው። አባታቸው ሙሽሮቹን ሁለት ደቂቃ ያህል ይመርቃሉ። አባት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድምፃቸውም ሌላ ቦታ አልተቀረጸም። ከዓመታት በፊት አንድ ቪዲዮ ቤት ካሴቱን ገልብጦ፣ «አጽድቶም» ለእትዬ ሰጥቷቸው ነበር። እውነት ነው፣ ሽሽታው ጠፍቷል። ነገር ግን አባት ጋን ውስጥ ሆነው የሚናገሩ ይመስላሉ። «እንደ አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» ሲሉ «ሣ» የለችም። የልጅ ልጆች «አያታችን ጥርስ አልነበራቸውም እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ደግነቱ እትዬ ካሴቱን አልጣሉትም።

«ሣ» የት ሄደች? የሙዚቃ ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። እኛ አገር የምንጠቀምበት የቪኤችኤስ ካሴት ግን በሰከንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ድምፁም የሚጻፈው በክሩ ጠርዝ ላይ ባለች ቀጭን መስመር ነው። ክሩ ቀስ ሲል፣ መስመሩም ሲቀጥን ሽሽታው ይበዛል። ይህ ሽሽታ ጎልቶ የሚሰማን በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። የኛ ሰ፣ ሸ፣ ጸ እና ፈ የሚኖሩትም እዚያው ሰፈር ነው። «ስስስ» በሉና ስሙት፤ ራሱ ሽሽታ ነው። ስለዚህ ሽሽታውን እስከ መጨረሻው የሚጠርግ ሰው ፊደል አብሮ ይጠርጋል።

የጀመርነው ከጥዝዝታው ነው። ምንጩን ለማወቅ ዴኩ እንደተያያዘ ካሴቱን አቁሙና አዳምጡ። ካሴቱ ቆሞም ጥዝዝ ካለ፣ ችግሩ ከገመድና ከመብራት ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ገልብጡ፤ ብዙ ጊዜ ወዲያው ዝም ይላል። ካሴቱ ሲቆም ጠፍቶ፣ ትራኪንጉን ስትነኩ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ዴኩ ሃይፋይ የሚባለውን ድምፅ በትክክል ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው። ያኔ የድምፅ ምርጫውን `NORM` ላይ አድርጋችሁ እንደገና ገልብጡ። ሽሽታ ትንሽ ይጨምራል፣ ጥዝዝታው ግን ይሄዳል።

በእትዬ ካሴት ላይ ቻርጀሩን ስንነቅል ጥዝዝታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የቀረው በሠርጉ ዕለት ከመብራቱ ገብቶ አብሮ የተቀረጸ ነበር። ድምፁን በኦዳሲቲ ከፍተን `Plot Spectrum` ስናይ 50፣ 100 እና 150 ሄርዝ ላይ ሦስት ሹል ጫፎች ቆመዋል። የኢትዮጵያ መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ሌሎቹ የእሱ እጥፎች ናቸው። `Notch Filter` የሚለውን በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ጊዜ ተጠቀምን፣ `Q` የሚለውንም 10 አደረግነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚቆረጠው ይጠባል። ይህ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የወንድ ወፍራም ድምፅ ራሱ ከ100 ሄርዝ ብዙም አይርቅም።

ሽሽታው ቀጥሎ ነው። `Noise Reduction` መጀመሪያ የሽሽታ ናሙና ይፈልጋል፤ ማንም የማይናገርበት ቦታ መርጣችሁ `Get Noise Profile` ትላላችሁ። ናሙናውን ከካሴቱ መጨረሻ፣ ምንም ካልተቀረጸበት ባዶ ክር አትውሰዱ፤ ያ ሌላ ሽሽታ ነው። እኛ አባት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ሰዉ ዝም ብሎ፣ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያለችውን ግማሽ ሰከንድ ወሰድን። ከዚያ ሁለቱን ደቂቃ መረጥንና ቅነሳውን 6 ዴሲቤል ብቻ አደረግን።

ልኩ የሚታወቀው በጆሮ ነው። እዚያው መስኮት ላይ `Residue` የሚል ምርጫ አለ፤ የሚቀረውን ሳይሆን የሚወጣውን ያሰማችኋል። ሽሽታ ብቻ ከሰማችሁ ደህና ነው። ከሽሽታው መሐል ቃል ከሰማችሁ ሰውየውን እየጣላችሁት ነው። በ6 ዴሲቤል ንጹሕ ሽሽታ ሰማን። 18 አድርገን ስንሞክር የሚወጣው ውስጥ «ሣ» ቁልጭ ብላ ተሰማች። ወደ 6 መለስነው። ካዳመጣችሁ በኋላ ምርጫውን ወደ `Reduce` መልሱ፤ ካልመለሳችሁት ቆሻሻው ቀርቶ ድምፁ ይሄዳል።

ወደ መስመሮቹ እንምጣ። ሦስት ዓይነት ናቸው። ከምስሉ ግርጌ ሁልጊዜ የምትታየው የተቀደደች ጭራ ብልሽት አይደለችም። ዴኩ ከአንዱ ሄድ ወደ ሌላው ሲቀያይር የምትፈጠር ናት፤ የድሮ ቴሌቪዥን ጠርዙን ስለሚደብቅ አናያትም ነበር። እሷን በጥቁር መሸፈን ነው።

መሐል ላይ የሚቆም ወይም ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰፊ የበረዶ መቀነት የትራኪንግ ነው። ይህን ኮምፒውተር አያድነውም፤ ዴኩ ላይ አስተካክላችሁ እንደገና መገልበጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ብልጭ ብላ የምትጠፋ አጭር ነጭ ሰረዝ ናት። ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ አጫውቱ። ሰረዟ እዚያው ቦታ ላይ ከተመለሰች ከክሩ ላይ ዱቄቱ ረግፏል። ቦታ ከቀየረች ግን ሄዱ ቆሽሿል፤ ሄዱን የሚያውቅ ሰው ያጽዳላችሁ እንጂ በጥጥ አትነካኩት፣ ይሰበራል። የእትዬ ካሴት ላይ አንዲት ሰረዝ በአባት ግንባር ላይ ሁልጊዜ እዚያው ትመለስ ነበር። በሰከንድ 25 ምስል አለ፤ የተበላሸችውን አንዷን አውጥተን ከእሷ በፊት ያለችውን በቦታዋ ደገምናት። ዓይን አይለየውም። እስክስታው ላይ ያሉትን ሰረዞች ግን ተውናቸው፤ ትከሻ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ ምስል ሲደገም እንቅስቃሴው ይደናቀፋል።

በመጨረሻ የታረመውን ምስልና የጸዳውን ድምፅ አገናኝቶ የግርጌዋን 10 መስመር የሚሸፍነው ትእዛዝ ይህ ነው፦

```
ffmpeg -i serg.avi -i dimts.wav -map 0:v -map 1:a -vf "bwdif,drawbox=x=0:y=ih-10:w=iw:h=10:color=black:t=fill" -c:v libx264 -crf 18 -pix_fmt yuv420p -c:a aac serg2.mp4
```

`serg2.mp4` ለዘመድ በስልክ የሚላከው ነው። ያልተነካውን የመጀመሪያ ግልባጭ ለብቻው በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ካሴቱንም አትጣሉ። የእትዬ ካሴት ባይኖር ኖሮ ቪዲዮ ቤቱ የጠረጋትን «ሣ» ከየትም አናመጣትም ነበር።

አሁን ባለው ግልባጭ ላይ ከአባት ድምፅ ሥር ሽሽታው በስሱ ይሰማል። እትዬ አዳምጠው «ይኼ ሽሽታ ምንም አይደል፤ ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያወሩ ነው የሚመስለው» አሉኝ። የልጅ ልጆቹም ስለ ጥርስ መጠየቅ ትተዋል።

ያልገባችሁ ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ። ካሴት በእጃቸው ላለ ዘመዶቻችሁም አድርሱልኝ።